አንገት ወጣ፣ ትከሻ ታጠፈ፣ ዳሌ አዘነበለ፦ ከጎን የተነሳ ፎቶ ሲያሳስት

ከጎን ቆሞ የተነሳ ሰው ፎቶ ላይ ሦስት ነገር ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። አንገት ወደፊት መውጣት፣ ትከሻ ወደፊት መታጠፍ፣ ዳሌ ወደፊት ማዘንበል። ሦስቱ ግን እኩል አይታመኑም። የአንገቱ ከተጠነቀቁ ይለካል። የትከሻው ግማሽ በግማሽ ነው። የዳሌውን በፎቶ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ አንድ ፎቶ ይዞልኝ መጣ። ጓደኛው በረንዳ ላይ አቁሞ በስልክ ያነሳው ነው። ጓደኛ ሆዬ ጂም ስለሚሠራ ፍርዱን ወዲያው ሰጥቷል፤ ሦስቱም አለብህ ብሎታል። «ዶክተር፣ አጥንቴ ተጣሟል እንዴ?» አለኝ ልጁ። (ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እዚህ ግን ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) በዚህ ፎቶ አንድ በአንድ እንሂድ።

ምልክት፦ ጆሮ ከትከሻ በጣም ቀድሞ ይታያል

እዚህ ላይ ዓይን አይበቃም፣ ማዕዘን ያስፈልጋል። ሁለት ነጥብ ይያዛል። አንዱ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችው ትንሽ ጉብታ ናት። ሌላው ሰባተኛው የአንገት አጥንት ነው፤ አንገት ሲጎነበስ ከኋላ ከሥር ጎልቶ የሚወጣው። ሁለት አጥንት ጎልቶ ካስቸገራችሁ ጣታችሁን ሁለቱም ላይ አድርጉና ሰውየው ቀስ ብሎ ቀና ይበል። ስድስተኛው ከጣት ሥር ይሸሻል፣ ሰባተኛው ይቀራል። እዚያ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። ፕላስተር ከሌለ ፎቶው ላይ የምታደርጉት ነጥብ ግምት ነው።

ሁለቱን ነጥብ የሚያገናኘው መስመር ከአግድም ጋር የሚሠራው ማዕዘን ይለካል። ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 50 ዲግሪ በታች ከሆነ አንገቱ ወደፊት ወጥቷል ይባላል። ማዕዘኑ ባነሰ ቁጥር ጭንቅላቱ ይበልጥ ወጥቷል ማለት ነው።

የልጁ ፎቶ በፕሮትራክተር ሲለካ 46 ሆነ። ጓደኛው ልክ ነበር ልንል ነው። ግን ከኋላ ያለውን የበር መቃን ተመልከቱ፤ እሱም ልጁ ወደሚያይበት አቅጣጫ 4 ዲግሪ አዘንብሏል። በሩ ከተጣመመ ሌላ ነገር ነው፤ ካልሆነ ግን ያዘነበለው ስልኩ ነው። ስልክ ያዘነበለው ልክ፣ ዲግሪ በዲግሪ፣ ከማዕዘኑ ላይ ይቀነሳል ወይም ይጨመራል። ስለዚህ 46 በእውነቱ 50 ሊሆን ይችላል። ከድንበሩ ወዲያ ማዶ።

*መፍትሄው* ቱንቢ ነው። ከግንበኛ ተዋሱ፣ ካልተገኘ ክር ጫፍ ላይ ቁልፍ እሰሩ። ከሰውየው ጎን፣ ከካሜራው እኩል በሚርቅበት ቦታ ይንጠልጠል። በር፣ ግድግዳ፣ ዓምድ አትመኑ። ወለሉንም እንዲሁ፦ የጅማ ዝናብ ስለሚታወቅ በረንዳው ውሃ እንዲያፈስ ሆን ተብሎ ዘቅዘቅ ተደርጎ ይሠራል። እዚያ ላይ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ የቆመ ሰው ቁልቁል እንደቆመ ነው፣ ሰውነቱም ያንን ለማካካስ ይለዋወጣል። ቤት ውስጥ፣ ደልዳላ ወለል ላይ አንሱ።

ስልኩ ከሰውየው 3 ሜትር ያህል ይራቅ። ከፍታው ከእምብርት እስከ ደረት መሃል ይሁን፣ በወንበርና በመጽሐፍ ተደግፎ ይቁም እንጂ በእጅ አይያዝ። ሰፊ አንግል ያለው ሌንስ አይመረጥ፤ ዳር ዳሩን ይጎትታል።

ሌላው ምክንያት ራሱ ሰውየው ነው። «ፎቶ ላነሳህ ነው» ሲባል ማን እንደ ልቡ ይቆማል? ደረቱን ይነፋል፣ ወይም ስልኩን በጎን ዓይኑ ያያል። ቦታው ላይ ጥቂት ይርገጥ፣ ራሱን ከላይ ወደታች ነቅነቅ ያድርግ፣ ከዚያ በዓይኑ ቁመት ግድግዳ ላይ ያለ ነጥብ ይመልከት። ሦስት ጊዜ አንሱ፣ በየመሃሉ ይራመድ። ልጁን እንዲህ ስናነሳው 50፣ 51 እና 53 ወጣ። አንድ ሰው፣ አንድ ከሰዓት፣ የ3 ዲግሪ ልዩነት። ስለዚህ ከወር በኋላ 2 ዲግሪ ተሻሻለ ቢባል ምንም አልተባለም።

ሻሽ ወይም ሂጃብ የለበሰች ሴት ላይ ሁለቱም ነጥቦች ይሸፈናሉ። አታስወልቋት። በጨርቁ ላይ በግምት ነጥብ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ጨርቁ ስለሚንቀሳቀስ ውጤቱን በዲግሪ አትጻፉት። የምትፈልግ ከሆነ ሴት ባለሙያ ዘንድ ለብቻዋ ትለካ።

ምልክት፦ ትከሻ ወደፊት ታጥፏል

የልጁ ፎቶ ላይ የቅርቡ ትከሻ ቀድሞ ይታያል። በደንብ ስታዩት ግን የጀርባው ሌላኛው ወገንም ይታያል። ልጁ ከካሜራው ትንሽ ዞሯል ማለት ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው። ሰው 10 ዲግሪ ያህል ጀርባውን ወደ ካሜራ ሲያዞር፣ ትከሻው ከመሃል አካሉ 18 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የቅርቡ ትከሻ ፎቶው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደፊት ይገፋል። ምንም ያልታጠፈ ትከሻ ታጠፈ ይባላል። ጆሮውም ትንሽ አብሮ ይገፋል። በተቃራኒው ደረቱ ከታየ ትከሻው ወደኋላ ይሄዳል፣ የታጠፈውም ይደበቃል።

*መፍትሄው* ከሁለቱም ጎን ማንሳት ነው። ከቀኝ ብቻ ታጥፎ ከታየ ሰውየው ዞሯል፣ ወይም ሁለቱ ትከሻዎች እኩል አይደሉም። ከሁለቱም ከታየ ነገሩ እውነት የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። እግሮቹ ቀጥ እንዲሉ ወለሉ ላይ በኖራ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው የሚሄድ አንድ መስመር አስምሩ፤ ሁለቱም ተረከዞች እኩል መስመሩን ይንኩ። ልጁ ላይ ይህን ስናደርግ ትከሻው ከሁለቱም ወገን ወደ ቦታው ተመለሰ። ወፍራም ጃኬት ወይም ትልቅ የደረት ጡንቻም እንዲሁ ያሳስታል። የታጠፈው ትከሻው ሳይሆን የላይኛው ጀርባው ሲሆንም ፎቶው ሁለቱን አይለይም።

ምልክት፦ ዳሌ አዘንብሏል

ይህን የጓደኛው ፍርድ እንዳለ ጣልኩት። ጓደኛው ያየው ቀበቶውን ነው። ሱሪ ከፊት ዝቅ ብሎ ይታሰራል፣ ሆድም ይገፋዋል። ትልቅ መቀመጫና ጎድጎድ ያለ ወገብም «አዘንብሏል» ያሰኛሉ።

ባለሙያ በጣቱ የፊተኛውን የዳሌ አጥንት ጫፍና የኋላውን ነጥብ ዳስሶ ይለካል። ያም ቢሆን ገደብ አለው። ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎች ሲለኩ አብዛኛዎቹ ትንሽ ወደፊት ያዘነበለ ዳሌ አላቸው። ከዚያ በላይ የአጥንቱ ቅርጽ ራሱ ይለያያል፤ ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ 30 ዳሌዎች በአንድ አቀማመጥ ሲለኩ፣ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ማዕዘን ከ0 እስከ 23 ዲግሪ ተገኝቷል። አቀማመጡ አንድ፣ ቁጥሩ ግን የተለያየ። አጥንቱ ነው እንጂ ዳሌው አላዘነበለም።

*መፍትሄው* ፎቶው ላይ ዳሌን በተመለከተ ምንም አለመጻፍ ነው።

ልጁ አንገቱን ያመዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ ምንም» አለ። ቢያመውም ፎቶው ምክንያቱን አያውቅም። እጅ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ፣ ወይም እናት ወይም አባት ቁመታቸው እየቀነሰና ጀርባቸው እየጎበጠ ከሄደ ፎቶውን ተዉትና ሐኪም ቤት ሂዱ።