ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚመሰክርላችሁም ቁጠሩ

ወደ ውጭ ሀገር አዲስ መጥቶ ሥራ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሰዓት ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ ነው። ልክ ነው። የቤት ኪራይ ጊዜ አይሰጥም፣ ሀገር ቤት ያለ ቤተሰብም ይጠብቃል። ግን ሁለት ሥራ ከተገኘና የክፍያው ልዩነት ትንሽ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት። «እዚህ ስድስት ወር ብሠራ ስለ እኔ ስልክ አንስቶ የሚናገርልኝ ሰው ማን ይሆናል?»

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ሁለት ሰዎች እኩል በዓመት 100 እያገኙ ጀመሩ እንበል። የየትኛውም ሀገር ገንዘብ ይሁን። የአንዱ ደመወዝ በየዓመቱ 3 በመቶ ያድጋል፣ የሌላው 5 በመቶ። በአምስተኛው ዓመት አንዱ 113 ገደማ፣ ሌላው 122 ገደማ ያገኛል። ይሄ ብዙም የሚያስደነግጥ አይደለም። በ30ኛው ዓመት ግን አንዱ 236፣ ሌላው 412 ላይ ናቸው። የ30 ዓመቱን ገቢ ስትደምሩት ሁለተኛው በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሁለቱም እኩል ነው የጀመሩት፣ የሠሩትም እኩል ዓመት ነው።

ያቺ የ2 በመቶ ልዩነት ከየት ትመጣለች? ብዙውን ጊዜ አለቃ በየዓመቱ ከሚጨምረው ብቻ አይደለም። በየጥቂት ዓመቱ ወደ ተሻለ ቦታ ከመዛወርም ነው። ለመዛወር ደግሞ ቦታው መኖሩን መስማት አለባችሁ፣ ከዚያ ቀጣሪው ሊያምናችሁ ይገባል። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሰው ነው፣ እምነቱም በሰው።

ችግሩ ስማችሁ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አለመምጣቱ ነው። ዲግሪው ይተረጎማል፣ ይገመገማል። አሥር ዓመት ያገለገላችሁበትን መሥሪያ ቤት ግን እዚህ የሚያውቀው የለም። የቀድሞ አለቃችሁ በሰዓት ልዩነትና በቋንቋ ምክንያት ስልክ ላይ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ስም እንደ አዲስ ይገነባል። የመጀመሪያው ድንጋይ የሚቀመጠው ደግሞ ብዙ ሰው «ይሄማ ለጊዜው ነው» ብሎ በሚንቀው ሥራ ላይ ነው።

ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁ የሚጠቁሙ ጥሩ ጥናቶች አሉ። የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ሎሪ ቢማን አሜሪካ የሠፈሩ ስደተኞችን አጥንታ በ2012 ባሳተመችው ሥራ፣ ከአንድ ሀገር የመጡ ሰዎች መብዛት ብቻውን እንደማይጠቅም አሳይታለች። ቀደም ብለው የመጡ የሀገር ልጆች ባሉበት ከተማ አዲስ መጤው ሥራ የማግኘት ዕድሉ ይሻሻላል፣ ደመወዙም ይጨምራል። በቅርቡ የመጡት ከበዙ ግን ዕድሉ ይቀንሳል። ሁሉም ያንኑ የሥራ ወሬ ይሻማላ! አብሯችሁ የመጣ ጓደኛ ለልብ ጥሩ ነው። ስለ ሥራ ግን ዓመታት የቆየውን ጠይቁ።

ሁለተኛው የቆየ ግኝት ነው። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር በቦስተን አካባቢ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ውጤቱን በ1973 ሲያወጣ፣ ወሬውን ካመጣላቸው ሰው ጋር ብዙ ጊዜ ይገናኙ የነበሩት 17 በመቶ ያህል ብቻ ሆኑ። ሌሎቹ አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው የሰሙት። ሊንክድኢን የተባለውን የሥራ ትውውቅ ድረ ገጽ የሚጠቀሙ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተና በ2022 የወጣ ጥናትም ወደ አዲስ ሥራ በማሻገር የተሻሉት በጣም የቅርብ ወዳጆች እንዳልሆኑ አገኘ። በፍጹም የማያውቋችሁም አይደሉም። መሃል ላይ ያሉት ናቸው፣ ስማችሁን የሚያስታውሱ፣ ግን ከእናንተ ጋር የማይውሉ።

አሁን ወደ መሬት እናውርደው። ሀገር ቤት ሒሳብ ሠራተኛ የነበረች አንዲት ሴት አስቡ። እዚህ የተገኘላት የመጋዘን ሥራ ነው፤ ዕቃ መቁጠርና መደርደር። ሌላ መጋዘን ትንሽ የሚበልጥ ክፍያ አለው፣ ግን ሁሉም የሚሠራው በሌሊት ሺፍት ነው፣ ከሱፐርቫይዘሩ በቀር የሚታይ ሰው የለም። የመጀመሪያውን መረጠች፣ ምክንያቱም ቢሮው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። በየወሩ መጨረሻ የዕቃ ቆጠራው ከሲስተሙ ጋር አይገጥምም፣ ሁሉም ይጨቃጨቃል። እሷ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በአንድ ገጽ ጻፈች። ዕቃው ተመላሽ ሲሆን መደርደሪያ ላይ ይገባል፣ ሲስተሙ ላይ ግን አይመዘገብም። ወረቀቱን ለሱፐርቫይዘሯ ሰጠች። ቢሮው በቀጥታ ቢያየው ትመኛለች፣ ግን አለቃን ዘሎ መሄድ ስም ያበላሻል። ሱፐርቫይዘሩ ወደ ላይ ላከው። በሚቀጥለው ወር ሒሳብ ክፍል ያለችው ሴት «ይሄን ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች።

ያቺ ጥያቄ ከአንድ ሰዓት ክፍያ ልዩነት ትበልጣለች። አሁን በሙያዋ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ሥራዋን አይቷል። ቀጣዩ እርምጃ ሥራ መለመን አይደለም፣ አጭር ጊዜ መጠየቅ ነው። መልእክቱ በሀገሩ ቋንቋ ይጻፋል። ይዘቱ ግን ይሄን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቆጠራው ልዩነት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሀገሬ ሳለሁ ለስምንት ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁ። እዚህ ወደ ሙያው ለመመለስ ሁለት ኮርስ መካከል እያመነታሁ ነው። እርስዎ ሰው ሲቀጥሩ የትኛውን ይመለከታሉ? ሃያ ደቂቃ ቢኖርዎት ሐሙስ ወይም ዓርብ ከሥራ በኋላ መምጣት እችላለሁ።»

ለምን እንደሚሠራ ተመልከቱ። ማን እንደሆነች በአንድ ዐረፍተ ነገር ታውቋል። ጥያቄው አንድ ነው፣ ያቺ ሴት ብቻ የምትመልሰው ነው፣ እምቢ ማለትም ቀላል ነው። «ሜንቶር ይሁኑኝ» የሚል ቃል የለበትም። ደግሞም አይኑርበት። ሰው ከማያውቀው ሰው እንዲህ ያለ ከባድ ኃላፊነት ሲጠየቅ ይሸሻል፤ ለአንድ ጥያቄ መልስ መስጠት ግን ደስ ይለዋል። መካሪ የሚገኘው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ነው።

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ ምክሩን ወስደን እንጠፋለን። ይሉኝታ ይይዘናል፣ «አላስቸግር» እንላለን። ለመካሪው ግን ይሄ ግድ የለሽነት ይመስላል። ኮርሱን መርጣችሁ ከተመዘገባችሁ «በነገሩኝ መሠረት ያንን ኮርስ ጀምሬያለሁ፣ በሰኔ እጨርሳለሁ» ብላችሁ ሁለት መስመር ላኩ። ስትጨርሱ ደግሞ ሁለት መስመር። ምንም አትጠይቁ። ምክሩ ፍሬ ሲያፈራ ያየ ሰው ሌላ ቀን ስማችሁን ራሱ ያነሳል።

እዚህ ላይ መካሪና ስም አንሺ ይለያያሉ። መካሪ ለእናንተ ይነግራችኋል። ስም አንሺ ደግሞ እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ውስጥ ስለ እናንተ ይናገራል። ገቢ የሚቀይረው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። እሱ ግን በጥያቄ ብቻ አይገኝም፣ የራሱን ስም አስይዞ ነውና ሥራችሁን በዓይኑ ማየት አለበት። ስለዚህ ከሥራ ቦታ ውጪ ያገኛችሁት የተከበረ ሰው መካሪ ሊሆን ይችላል። ስም አንሺ ግን ብዙውን ጊዜ አብራችሁ የሠራ ሰው ነው።

ከሥራ ስትለቁ የምታደርጉት ነገር ደግሞ ከገባችሁበት ቀን ይበልጣል። በብዙ ሀገር ቀጣሪ ከመቅጠሩ በፊት ለቀድሞ አለቃ ይደውላል ወይም ቅጽ ይልካል። ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሥራ መደብና የአገልግሎት ጊዜ ብቻ ያረጋግጣሉ። የሚናገር አለቃ ከተገኘ ግን የተለመዱ ጥያቄዎች አሉ፤ ሰዓት ያከብራል ወይ? ከሰው ጋር ይሠራል ወይ? ለምን ለቀቀ? በመጨረሻም፣ «እንደገና ትቀጥረዋለህ?» ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሰውየው ዝም ካለ ደዋዩ መልሱን ሰምቷል።

እናም ድንገት አትጥፉ። የተሻለ ቦታ ቢገኝም በውሉ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ አክብሩ። የሚተካችሁን ሰው አሳዩ። ከመውጣታችሁ በፊት «ለወደፊት ሥራ ሳመለክት ስለ እኔ እንዲመሰክሩ ስምዎን ልስጥ? የትኛው ስልክና ኢሜይል ይሻላል?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁ። ሰውየው ካመነታ ግድ የለም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ። ያለ ፈቃድ ስሙን መስጠት ነው የሚጎዳው። ከፈቀደላችሁም ለሥራ ባመለከታችሁ ቁጥር የሥራውን ማስታወቂያ አስቀድማችሁ ላኩለት። «ቆጠራውን ያስተካከልኩበትን ነገር ቢያነሱልኝ ጥሩ ነው» ማለት ነውር አይደለም። እሱ ከእናንተ በኋላ ስንት ሰው አልፎበታል፣ ሁሉን አያስታውስም።

ትውውቅ የማያልፈው አጥርም አለ። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም ጠበቃ ከሆናችሁ ፈቃድ ከሌላችሁ ማንም ስማችሁን ቢጠራ ወደ ሙያው አያስገባችሁም። እዚያ ላይ የሰው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ያንኑ ፈተና ያለፈ ሰው የትኛው ወረቀት እንደሚዘገይ ይነግራችኋል፣ ወራት ያተርፋችኋል። የሀገር ልጅ መረብም የራሱ ጣሪያ አለው። የመጀመሪያውን ሥራ ቶሎ ያስገኛል። ሁሉም በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ከተሰበሰበ ግን ከዚያ ወጥቶ የሚነግራችሁ የለም። ፈተናው ቀላል ነው። ስለ ሥራ ያወራችኋቸውን የመጨረሻ አምስት ሰዎች አስቡ። ሁሉም እርስ በርስ የሚተዋወቁ ከሆነ የምትሰሙት አንድ ወሬ ነው።

«ሥራ አስገባሃለሁ፣ መጀመሪያ ይሄን ያህል ክፈል» የሚል ከመጣ አትነካኩት፣ የሀገር ልጅም ቢሆን። ከልቡ የሚያስገባችሁ ሰው ገንዘብ ሳይሆን ሲቪያችሁን ነው የሚጠይቀው።

አንድ ቀን እናንተም ትጠየቃላችሁ። አዲስ የመጣ ሰው «መሥሪያ ቤትህ አስገባኝ» ይላል። በሥራ የማታውቁትን ሰው «ጎበዝ ነው» ብላችሁ አታስገቡ። ሳምንት ሠርቶ ቢጠፋ አለቃው የሚያስታውሰው የእናንተን ስም ነው፣ ቀጥሎ ስለምታመጡት ጎበዝም አይሰማችሁም። ይልቅ እውነቱን ተናገሩ፦ «ከእሱ ጋር ሠርቼ አላውቅም። ግን ታማኝ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፣ ብታናግሩት ደስ ይለኛል።» ይህ ለመጤው በሩን ይከፍትለታል፣ የቀረውን በራሱ ይሠራል።