ስለ ዲቲ የሚያስተምር የበሽተኛ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ብዙ የሚጠጣ ሰው መጠጥ በድንገት ሲቋረጥበት የሚመጣውን ዴሊሪየም ትሬመንስን (ዋርድ ውስጥ በአጭሩ «ዲቲ» ነው የሚባለው) በሰንጠረዥ ማስተማር ቀላል ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሰንጠረዡን የሸመደደው ተማሪ በሽተኛው ፊት ሲቆም አያውቀውም፤ ምክንያቱም ማንም «ጠጪ ነኝ፣ መጠጥ ተቋርጦብኝ ነው» ብሎ ሆስፒታል አይመጣም። በስብራት ይመጣል፣ በሳንባ ምች ይመጣል፣ ይተኛል፣ አልጋ ላይ መጠጥ የለም፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን መቃዠት ሲጀምር ሁሉም ግራ ይጋባል። ስለዚህ ለተማሪ የምትጽፉት ታሪክ ሰዓቱን ያሳይ፣ መጠጡን ግን ይደብቅ።

መጀመሪያ በሽተኛውን ምረጡ። እኔ የምመርጠው አጥንት ዋርድ የተኛ ሰው ነው፤ እዚያ ስለ መጠጥ የሚያስብ ሰው ስለማይበዛ። ዕድሜው 46፣ ሥራው ግንበኝነት። ዓርብ ከሰዓት ከመወጣጫ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰብሯል፣ ትራክሽን ላይ ነው፣ ቀዶ ሕክምና እየጠበቀ። ቻርቱ ላይ «አልኮል፦ አልፎ አልፎ» ተብሎ ተጽፏል። ይቺን መስመር እንዳትረሷት፣ ወጥመዱ እሷ ነች።

ቀጥሎ ሰዓቱን ዘርጉት። ሁሉም ነገር የሚቆጠረው ከመጨረሻው መለኪያ ነው፤ ሆስፒታል ከገባበት ሰዓት አይደለም። ሰውዬው የመጨረሻውን አረቄ የጠጣው ዓርብ በምሳ ሰዓት ነው እንበል (ይሄን እናንተ ብቻ ታውቁታላችሁ)። ቅዳሜ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ቁርስ አስጠልቶታል፣ ሌሊቱን አልተኛም። ነርሷ ሕመሙ ነው ብላ ታስባለች፣ ትራማዶል ይታዘዝለታል። እሑድ ንጋት ላይ፣ 40 ሰዓት ገደማ ሲሞላው፣ አንዴ አጭር የሚጥል ዓይነት መንዘፍዘፍ ይመጣበትና ይለቀዋል። ትራማዶል ራሱ እንዲህ ያለውን መንዘፍዘፍ ሊያመጣ እንደሚችል ተማሪው ቢያነሳ ጎበዝ በሉት፤ ግን እዚያ ላይ እንዲቆም አትፍቀዱለት።

ሰኞ ማታ ዋናው ነገር ይመጣል። ሰውዬው ትራክሽኑን ሊነቅል ይታገላል፣ ከአንሶላው ላይ ጉንዳን ይለቅማል፣ አስታማሚውን «ሲሚንቶ አቀብለኝ» ይለዋል። የት እንዳለ ሲጠየቅ «ሳይት» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሚስቱን ያውቃታል፣ ከዚያ እንደገና ይጠፋበታል። የልብ ምቱ በደቂቃ 132፣ ግፊቱ 170/100፣ ሙቀቱ 38.4፣ ላቡ አንሶላውን አርሶታል። የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች «ጠበል ይወሰድ» እያሉ ነው። ይሄንንም ጻፉት፤ ተማሪው ነገ የሚሰማው እሱን ነውና።

እዚህ ላይ አቁሙና ጠይቁ፦ ምን ልታውቁ ትፈልጋላችሁ? መልሱን በነፃ አትስጡ። «ይጠጣል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ሚስትየው «እንደ ማንኛውም ሰው ነው» ትበለው። «ጠዋት ከቤት ሲወጣ ምን ይቀምሳል? ስንት መለኪያ? የመጨረሻዋን መቼ ጠጣ? ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንቀጥቅጦ ያውቃል?» ብሎ ለጠየቀ ግን በሩ ይከፈት፦ በየጠዋቱ ሁለት መለኪያ አረቄ፣ ማታ ከዚያ በላይ፣ ለዓመታት፤ ባለፈው ሁዳዴ አቆማለሁ ብሎ ተንዘፍዝፎ ወድቆ ያውቃል። የቀድሞ መንዘፍዘፍ ዲቲ ሊመጣ እንደሚችል ከሚጠቁሙ ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን ክርክሩን አክርሩት። ጉንዳን ማየት ብቻውን ዲቲ አይደለም። መጠጥ ባቆመ በአንድ ቀን ውስጥ የሌለ ነገር የሚያይ፣ ግን የት እንዳለና ቀኑን በደንብ የሚያውቅ ሰው አለ። ዲቲ የሚባለው ልቦናው ሲዛባና ሰውነቱም ሲናወጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ። አንጎል ለዓመታት የአልኮልን ማደንዘዣነት ለመቋቋም ራሱን የሚያነቃቃውን ክፍል አጠናክሯል፤ አልኮሉ በድንገት ሲጠፋ ያ መነቃቃት ብቻውን ይቀራል።

ይሁን እንጂ ጭኑ የተሰበረና የተቃዠ ሰው ሁሉ ዲቲ ነው ማለት ሌላ ስህተት ነው። ከረጅም አጥንት ስብራት በኋላ ስብ ወደ ሳንባና አንጎል ሄዶ በእነዚሁ ቀናት ሊያቃዥ ይችላል፤ ስለዚህ ኦክስጅኑን ይዩ፣ ደረትና ብብት ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይፈልጉ። ከመወጣጫ የወደቀ ስለሆነ የጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስም ሊኖር ይችላል። የደም ስኳር፣ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ ማጅራት ገትርም አሉ። በኛ ታሪክ ኦክስጅኑ 95 በመቶ ነው፣ ነጠብጣብ የለም፣ ስኳሩ 62 ነው። ስኳሩን ሆን ብላችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ላይ ተማሪው ቅደም ተከተሉን ጮክ ብሎ ይናገር። ስኳሩ ዝቅ ስላለ ግሉኮስ፣ ከእሱ ጋር ታያሚን በደም ሥር። ታያሚን ሲፈለግ ግሉኮሱ አይዘግይ፣ ታያሚኑም አይረሳ፤ በታያሚን እጥረት የሚመጣው የአንጎል ጉዳት፣ ዌርኒኬ፣ ከተጠረጠረ መጠኑ ከፍ ይላል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከ200 እስከ 500 ሚሊግራም። ከዚያ ዋናው መድኃኒት፦ ዲያዚፓም 10 ሚሊግራም በደም ሥር፣ ቢያንስ በሁለት ደቂቃ ቀስ ተብሎ። በየ5 እስከ 10 ደቂቃው እያዩ መድገም ነው፣ ሰውዬው እስኪረጋጋ ግን ሲጠሩት እስኪነቃ ድረስ። አምቡ ባግና ኦክስጅን አጠገብ ይሁን፣ አተነፋፈሱን የሚያይ ሰው ይቀመጥ። ጡንቻ ላይ መውጋት አይመከርም፤ ዲያዚፓም ከጡንቻ የሚመጠጠው ወጥነት በሌለው መንገድ ነው። ፈሳሽ፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም ተለክተው ይተካሉ።

ብዙዎች የሚወድቁበት ቦታ ሃሎፔሪዶል ነው። «ተረብሿል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እጃቸው ወደ እሱ ይሄዳል። ብቻውን ከተሰጠ መነሻውን አያክምም፣ መንዘፍዘፉንም በቀላሉ እንዲመጣ ሊያደርግ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይንም እዚህ አይረዳም። ሌላው ወጥመድ መጠጥ የማቋረጥ ምልክቶችን ክብደት የሚለካው፣ ሲዋ የሚባለው የነጥብ ሠንጠረዥ ነው፤ በሽተኛው ስለ ማቅለሽለሹና ጭንቀቱ ራሱ እንዲመልስ ስለሚፈልግ፣ ለሚቃዥ ሰው አያገለግልም።

በመጨረሻ ታሪኩን አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ ድገሙት። ሆዱ በውሃ ያበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ይሁን። ዲያዚፓም በጉበቱ ቶሎ ስለማይወገድ ይከማቻል፤ ሎራዚፓም ካለ ይመረጣል፣ ከሌለ መጠኑ ያንሳል፣ ልዩነቱ ይረዝማል። ወይም ከአራተኛው መርፌ በኋላ አተነፋፈሱን በደቂቃ 9 አድርጉትና ዝም በሉ። አምስተኛውን የሚያዝ ተማሪ ካለ፣ አስተማሪው የሚቀጥለውን ሰዓት እዚያ ላይ ነው ማሳለፍ ያለበት።

ሕክምና ተማሪ ላልሆናችሁ አንባቢዎች፦ እላይ ያሉት መጠኖች ለሆስፒታል ብቻ ናቸው። ቤት ውስጥ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ካለ በድንገት እንዲያቆም አታስገድዱት፤ ሊያቆም ሲፈልግ ጤና ተቋም ሄዶ ይጀምር። ካቆመ በኋላ ከተንዘፈዘፈ ወይም ከተቃዠ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ የመጨረሻውን የጠጣበትንም ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩት።