ጽሑፉ ከድምጹ ጋር አልሄድ ሲል፦ ከፖስት ወደ አጭር ቪዲዮ

ፖስት ሆኖ ሲነበብ ደስ የሚል ጽሑፍ እንዳለ ተቆርጦ ቪዲዮ ላይ ሲለጠፍ ይንገዳገዳል። ለማሳያ ይህን ልያዝ፦

«የቤት ውስጥ ተክሎች ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ የሚረግፈው ብዙ ጊዜ ውሃ ስላነሳቸው ሳይሆን ከሚገባው በላይ ስለሚጠጡ በመሆኑ፣ ውሃ ከመጨመርዎ በፊት የአፈሩን እርጥበት ማረጋገጥ ይኖርብዎታል።»

ምልክት፦ ተናጋሪው መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ተመልካቹ ፍሬ ነገሩ ሳይደርሰው ያልፋል

ምክንያቱ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። 23 ቃላት አሉት፤ ተመልካቹ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ግሥ ደግሞ 23ኛው ላይ ነው። ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ስለሚችል በፖስት ላይ አያስቸግርም። ጆሮ ግን ወደ ኋላ አይመለስም።

መፍትሄው ቃላት እየቀነሱ ማሳጠር አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲያ እያደረግሁ ብዙ ሰዓት አባክኛለሁ። ፖስቱን ዝጉት፣ የስልካችሁን ድምጽ መቅጃ ክፈቱ፣ ነገሩን ለጓደኛ እንደምታወሩ አድርጋችሁ በቃላችሁ ተናገሩት። ከዚያ ከአፋችሁ የወጣውን ጻፉ። የኔ እንዲህ ወጣ፦

«ቅጠሉ ቢጫ ሆነ? ቆዩ፣ ውሃ እንዳትጨምሩ። መጀመሪያ አፈሩን ንኩት። እርጥብ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የውሃ መብዛት ነው።»

አሁን ከመጨረሻው በስተቀር በየሁለት ሦስት ቃሉ አንድ ግሥ አለ፤ ትንፋሽ የሚወሰደውም እዚያው ነው። «ብዙ ጊዜ» የምትለዋን አልጣልኳትም። ቅጠል በሌላ ምክንያትም ቢጫ ይሆናል፤ እሷ ከወጣች ቪዲዮው ፖስቱ ያላለውን ይላል።

ምልክት፦ አስተያየት የሚሰጡ ሰዎች የተናገራችሁትን ተቃራኒ ይዘው ይመጣሉ

ይህ በአማርኛ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው። ሰሌዳ የምለው ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ጽሑፍ ነው። «ውሃ ስላነሳቸው» የሚለው በአንዱ ሰሌዳ፣ «ሳይሆን» የሚለው በቀጣዩ ከወጣ፣ ድምጹን ዘግቶ የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ጣቱን ያንሸራትታል። ውሃ አንሷቸዋል ብሎ ሄደ ማለት ነው። አፍራሹ ቃል ከሚያፈርሰው ነገር በኋላ ስለሚመጣ፣ ሁለቱ ፈጽሞ መለያየት የለባቸውም።

ስለዚህ ሰሌዳ የሚቆረጠው በቃላት ብዛት ሳይሆን ግሡ ካለቀበት ቦታ ነው። «ዝም አለ»፣ «ቀጥ አደረገ» የመሰሉትም አንድ ላይ ይቆያሉ፤ «የ» ያለበት ቃልም ከሚገልጸው ስም አይነጠልም። ከላይ ያለው ንግግር አምስት ሰሌዳ ይሆናል፦

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ?
ቆዩ፣ ውሃ እንዳትጨምሩ
መጀመሪያ አፈሩን ንኩት
እርጥብ ከሆነ…
ብዙ ጊዜ ችግሩ የውሃ መብዛት ነው

አራተኛው ብቻ ሳያልቅ ይቆማል፤ ሆን ተብሎ ነው። ድምጹም እዚያ ላይ ስለሚንጠለጠል ተመልካቹ አብሮ ይጠብቃል። የመጨረሻው ረዘም ስለሚል በሁለት መስመር ይጻፍ፤ ሲከፈል ግን «የውሃ» እና «መብዛት» አይለያዩ።

ምልክት፦ ድምጹ «ንኩት» ይላል፣ ጽሑፉ «ይንኩ» ይላል

ጽሑፉ ከፖስቱ ተቀድቷል፣ ድምጹ ግን ከአፍ የመጣ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይስ እናንተ እንደምትሉ ድምጹን ከመቅዳታችሁ በፊት ወስኑ። እኔ «እናንተ»ን እመርጣለሁ፤ ወንድ ሴት አይለይም፣ እንደ ማስታወቂያም አይደርቅም።

ምልክት፦ ቁጥር ሲመጣ ጽሑፉ ቀድሞ ይጠፋል

«1,250» ለዓይን አንድ ቃል ነው። ለአፍ ግን «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ» ነው፣ አምስት ቃል። የሰሌዳውን ቆይታ በጽሑፉ ርዝመት አትለኩት፤ በኤዲቲንጉ መተግበሪያ ላይ የድምጹን ሞገድ አይታችሁ ቃሉ ሲጀምር አስገቡት፣ ሲያልቅ አውጡት።

ምልክት፦ ካፕሽኑን ማንም አይከፍተውም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ስክሪኑ ላይ ያለውን መድገሙ ነው። ካፕሽን ከንግግሩ የተረፈውን ይያዝ፤ እዚህ ላይ «እንዴት ነው የምነካው?» የሚለውን፦

«ጣታችሁን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስገቡ። እርጥብ ከሆነ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ማሰሮው ከታች ቀዳዳ እንዳለውም እዩ።»

መተግበሪያዎቹ ረጅም ካፕሽን ስለሚያጥፉ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ግሧን ይዛ ቶሎ ታብቃ። ይኸው ካፕሽን ከቪዲዮው ግርጌ፣ የላይክና የሼር ምልክቶች ደግሞ በቀኝ በኩል ስለሚደረቡ፣ ሰሌዳዎቹን ከመሃል ትንሽ ከፍ አድርጉ። ከመልቀቃችሁ በፊት አንዴ ድምጹን ዘግታችሁ እዩት፣ አንዴ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፤ በአንዱ ብቻ የሚገባ ቦታ ካለ የሚስተካከለው እዚያ ነው።