ዕቃ የያዘ እጅ ተዛብቶ ሲወጣ እንዴት ይስተካከላል?

የአንድ ባለ እጀታ ኩባያ ፎቶ ሰጥተው «ይህን ኩባያ የያዘች ሴት» የሚል ምስል ስቴብል ዲፊዩዥን በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ሲያመነጩ፣ ፊቷ አምሮ ጣቶቿ ከእጀታው ጋር ተጣብቀው ይወጣሉ። ማጣቀሻው ፎቶ የኩባያውን መልክ ያሳያል እንጂ የትኛው ጣት ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሚያልፍ አያሳይም፤ ሞዴሉ ይህን በግምት ይሞላል። በዚያ ላይ ስቴብል ዲፊዩዥን ምስሉን በቁመትም በወርድም 8 ጊዜ አሳንሶ ነው የሚሠራው። 80 ፒክሰል ስፋት ያለው እጅ ለእሱ 10 ነጥብ ብቻ ስለሚሆን፣ በትእዛዙ ላይ «ያማረ እጅ» ብሎ መጨመር ብዙ አይረዳም። የሚያዋጣው አያያዙን ራስዎ አሳይተው እጁን ብቻ በትልቁ እንደገና ማሠራት ነው።

መጀመሪያ የክንዱ አቅጣጫና የኩባያው መጠን የተስተካከለበትን ምስል ይምረጡ። ጣቶቹን ለጊዜው ይተዉአቸው፤ ክንዱ ከተጣመመ ግን ሌላ ምስል ማመንጨት ይቀላል።

ቀጥሎ ተመሳሳይ ኩባያ በእውነተኛ እጅ አስይዘው ፎቶ ያንሱ። የካሜራው ከፍታና ብርሃኑ የሚመጣበት ጎን ከምስሉ ጋር መግጠም አለበት፤ ብርሃኑ ከተቃራኒ ጎን ከመጣ፣ በኋላ የሚደረገው ማስተካከያ ሁሉ ተለጣፊነቱን አይደብቀውም።

አሁን በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ሦስቱን ደርቡ፦ ከታች መዳፉና ከኋላ የሚያልፉት ጣቶች፣ በላዩ ከማጣቀሻው የተቆረጠው ኩባያ፣ ከሁሉም በላይ አውራ ጣትና ከፊት የሚታዩት ጣቶች። ጣቶቹ ዕቃውን በሚነኩበት ጠርዝ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ቀጭን ጥላ ይቀቡ። ጥላው ከሌለ እጁ ኩባያውን የያዘ ሳይሆን አጠገቡ የተንሳፈፈ ይመስላል።

የተደረበውን ምስል የመረጡትን ቦታ ብቻ እንደገና ወደሚያሠራው Inpaint ያስገቡ። እንደገና የሚሠራውን ቦታ ለመለየት የሚቀቡት ማስክ እጁን እስከ አንጓው እና ጣቶቹ የሚያርፉበትን ጠርዝ ብቻ ይሸፍን፤ በኩባያው ላይ ጽሑፍ ወይም ምልክት ካለ አይንኩት፣ ሞዴሉ ፊደል ያበላሻል። Masked content ላይ original፣ Inpaint area ላይ Only masked ይምረጡ። ይህኛው ምርጫ የእጁን ቦታ ቆርጦ በሙሉ መጠን ይሠራዋል፤ ኤስዲኤክስኤል ለተባለው የስቴብል ዲፊዩዥን ሞዴል መጠኑን 1024 በ1024 ያድርጉት። ትእዛዙ የሚገልጸው ማስኩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፦

```
hand gripping a mug handle, thumb on top
```

ውጤቱን የሚወስነው፣ ሞዴሉ የሰጡትን ምስል ምን ያህል እንዲለውጥ የሚያዘው Denoising strength ነው። ከ0.35 ይጀምሩ። ቆዳው ከክንዱ ጋር ካልተዋሃደ ወደ 0.45 ከፍ ያድርጉ። ከ0.6 በላይ ሲሄድ ሞዴሉ የደረቡትን ትቶ ወደ ግምቱ ይመለሳል፣ ጣቶቹም እንደገና ይጣበቃሉ።

ሲፈትሹ አምስት ጣት አይፈልጉ፤ ባነሱት ፎቶ ላይ የሚታዩት ሦስት ከሆኑ እዚህም ሦስት ናቸው። እያንዳንዱን ጣት ከመዳፉ እስከ ጫፉ በዓይን ይከተሉት። በእጀታው ስር ገብቶ በሌላ መስመር የሚወጣ ጣት ካለ፣ እሱን ብቻ በአዲስ ማስክ ለይተው ከፎቶው መልሰው ይለጥፉና በ0.3 ድጋሚ ያሠሩት።