እቃ ሲታሸግ በስቶሪ ስታሳዩ ገዢን የሚያሸሹ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ሆና ጫማ በኢንስታግራም የምትሸጥ ልጅ እናስብ። ሱቅ የላትም። ጀሞ ያለችው ገዢ ብር ቀድማ ስትልክ ሁለት ነገር ትፈራለች፤ ብሬ ተበላ ወይስ በፎቶ ካየሁት ሌላ ጫማ ይመጣል? የማሸጊያው ስቶሪ ይህን ፍርሃት ካልመለሰ ውበቱ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ከተዘጋ ካርቶን መጀመር። ሪባን የታሰረበት ካርቶን ያምራል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ማንም አያይም። መጀመሪያ ትዕዛዙን ጻፉ፦ «ጥቁር፣ ቁጥር 38፣ ወደ ጀሞ»። ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ በቃል መናገር አይበቃም። ከዚያ ሁለቱንም ጫማ ገልብጡና ሶሉ ላይ ያለውን 38 አሳዩ። አንዱ እግር 38 ሌላው 39 ሆኖ የደረሰው ሰው ለምን ሁለቱንም እንዳልኩ ይገባዋል። ስፌቱን በመስኮት ብርሃን ቀረብ አድርጉት። ቢጫ አምፖል ቀለሙን ይቀይረዋል።

ወሳኙ ቦታ ላይ መቁረጥ። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ጫማው ይታያል፣ ቪዲዮው ይቋረጣል፣ ቀጥሎ የታሸገ ካርቶን ይመጣል። እቃ የሚቀየረው እዚያ መሃል ነው፤ ገዢም ታውቃለች። ጫማው ሲገባ፣ ክዳኑ ሲዘጋና ፕላስተሩ ሲለጠፍ በአንድ ቀረጻ ይታይ። ስልኩን አስደግፉት፤ ካርቶኑ ከእይታ አይውጣ። የኢንስታግራም ስቶሪ አንዱ ቪዲዮ እስከ 60 ሰከንድ ይይዛል፤ ወረቀቱን ቀድማችሁ ከቆረጣችሁና የፕላስተሩን ጫፍ ካነሳችሁ ይበቃል። መጨረሻ ላይ የትዕዛዙን ቁጥር በማርከር ግማሹ ፕላስተሩ ላይ፣ ግማሹ ካርቶኑ ላይ እንዲያርፍ ጻፉ። መንገድ ላይ ሰው ከከፈተው ጽሑፉ አይገጥምም፤ ገዢዋም በር ላይ ስትቀበል ታመሳክረዋለች።

የገዢን ስልክ ማሳየት። ስም፣ ስልክና የብሎክ ቁጥር፣ ወይም የቴሌብር ደረሰኝ ስክሪንሾት መለጠፍ አደገኛ ነው። አጭበርባሪ ያንን አይቶ «እቃሽ መንገድ ላይ ነው፣ የማድረሻ ላኪ» ብሎ ሊደውልላት ይችላል። በስሱ ቀለም ማጥፋትም አያስተማምንም፤ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ሥሩ ሊነበብ ይችላል። አድራሻውን ካርቶኑ ላይ የምትለጥፉት ከቀረጻው በኋላ ይሁን።

ፕላስተሩ ላይ ማቆም። ማሸግ መላክ አይደለም። ያው ቁጥር ያለበት ካርቶን ለሞተረኛው ሲሰጥ አሳዩ፤ ፊቱንና ታርጋውን ግን ተዉት። ገዢዋ ከፈቀደች ከፍታ ያየችበትን ፎቶ ጨምሩ። እያንዳንዱ ስቶሪ ከተለጠፈበት ሰዓት ጀምሮ 24 ሰዓት ነው የሚቆየው። ማሸጉን ሰኞ ጠዋት፣ ርክክቡን ማክሰኞ ከሰዓት ከለጠፋችሁ ማክሰኞ ማታ የገባ ሰው ሞተረኛውን ብቻ ያያል። ስለዚህ ሁሉንም «የተላኩ» በሚል ሃይላይት ውስጥ አስቀምጡ።