ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት አነስተኛ ፋብሪካ ኢአርፒ ሲመረጥ፦ ክላውድ ይሻላል ወይስ ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ሰርቨር?

“ኢንተርኔታችን አያስተማምንም፣ ሰርቨሩ እዚሁ ግቢ ይቀመጥ” የሚለው ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ማንም ምንም ሳይለካ ነው። ለክላውድ የሚደረገው ውሳኔም እንዲሁ ነው፤ ሻጩ ቢሮው ባለው ጥሩ መስመር ያሳያል፣ ባለቤቱም ይስማማል። ስለዚህ ግዢን፣ መጋዘንን፣ ምርትንና ሒሳብን በአንድ የሚይዘውን የኢአርፒ ሶፍትዌር ዋጋ ከመጠየቅ በፊት የራስን መስመር ማወቅ ይቀድማል።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት መለካት

ሊኑክስ ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ላፕቶፕ የሚመረጠው ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋም መመዝገቡን ስለማያቆም ነው። በኬብል ከራውተሩ ጋር ይገናኝና ይህ ይሂድበት (የራውተሩ አድራሻ ከታች ካለው ከተለየ ይቀየር)፦

```
while true; do
  t=$(date "+%F %T")
  ping -c1 -W2 192.168.1.1 >/dev/null && a=1 || a=0
  ping -c1 -W2 8.8.8.8 >/dev/null && b=1 || b=0
  echo "$t,$a,$b" >> log.csv
  sleep 60
done
```

በየደቂቃው አንድ መስመር ይጽፋል። የመጀመሪያው ቁጥር ራውተሩ መልስ መስጠት አለመስጠቱን፣ ሁለተኛው ደግሞ የውጭው ኢንተርኔት መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ሁለቱም 0 ከሆኑ ራውተሩ ራሱ ጠፍቷል፤ ማለትም ችግሩ የመብራት ነው። የመጀመሪያው 1 ሆኖ ሁለተኛው 0 ከሆነ መስመሩ ነው የተቋረጠው።

ምሳሌ እንውሰድ። ገላን አካባቢ ያለ፣ ጀሪካንና የውሃ ቱቦ የሚያመርት፣ በቀን 12 ሰዓት የሚሠራ ፋብሪካ ነው እንበል። በ12 የሥራ ቀን 8,640 ደቂቃ ተመዝግቦ በ430ው ኢንተርኔት አልነበረም፤ አምስት በመቶ ገደማ ነው። ፋይሉ ኤክሴል ላይ ሲከፈት ግን ከ430ው 300ው ራውተሩ የጠፋበት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አብዛኛው “የኢንተርኔት ችግር” ጄኔሬተሩ እስኪነሳና ራውተሩ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሰርቨሩን ግቢ ማስገባት እነዚያን 300 ደቂቃዎች አያድንም፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። የሚያድነው ለራውተሩና ለፋይበሩ ሳጥን የሚገጠም ትንሽ ዩፒኤስ፣ መጋዘኑ ውስጥም በዴስክቶፕ ምትክ ላፕቶፕ ማስቀመጥ ነው። ዩፒኤሱ ከተገጠመ በኋላ አንድ ሳምንት እንደገና መለካት ተገቢ ነው፤ አንዳንድ ሰፈር መብራቱ ሲጠፋ የቴሌው ማማም አብሮ ይደክማልና።

ከድምሩ ይልቅ ረጅሙን መቋረጥ ማየት

የቀሩት 130 ደቂቃዎች እንዴት ተበታትነዋል? በሦስት በሦስት ደቂቃ የተቆራረጡ ከሆኑ እስቶር ኪፐሩ ሻዩን ሳይጨርስ መስመሩ ይመለሳል። አንድ ላይ ሆነው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው እያለ ከመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ መጠበቅ የማይችሉትን ሥራዎች መለየት ነው። ደመወዝ፣ የሒሳብ መዝገብ መዝጋትና የግዢ ጥያቄ አንድ ቀን ቢያድሩም ጉዳት የለውም። የማይጠብቁት ጥሬ ዕቃ ከመጋዘን ማውጣት፣ ያለቀ ምርት መረከብና የደንበኛ ዕቃ መጫን ናቸው። እነዚህ በሰዓት ስንት ቫውቸር እንደሚያወጡ ይቆጠር። በሰዓት አራት ከሆነ አስቀድሞ ቁጥር የታተመበት የወረቀት ጥራዝ ለሁለት ሰዓት ያሻግራል፤ መስመሩ ሲመለስ ስምንት ቫውቸር ማስገባት ቀላል ነው። በሰዓት 40 ከሆነ ወረቀቱ አይችለውም። ጣጣው የማስገባቱ ድካም ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቀሪ እስኪስተካከል ድረስ ሐሰት ስለሚሆን፣ መርካቶ ያለው የሽያጭ ሠራተኛ በስልኩ አይቶ ቀድሞ የተጫነውን ቱቦ ደግሞ ይሸጠዋል።

“የእኛ ሲስተም ኦፍላይን ይሠራል” የሚል ሻጭ ሲመጣ የትኛው ገጽ እንደሆነ ይጠየቅ። ለምሳሌ ኦዱ በተባለው ኢአርፒ ውስጥ የችርቻሮ መሸጫው ገጽ አንዴ ከተከፈተ ኢንተርኔት ቢሄድም ለጊዜው መሸጡን ይቀጥላል፤ የምርትና የመጋዘን ክፍሉም እንዲሁ ይቀጥላል ማለት ግን አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ማሳያው እየሄደ ኬብሉን መንቀልና አንድ የዕቃ ማውጫ ለመመዝገብ መሞከር።

ሁለተኛ መስመርም ይታሰብ። ኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ላለው ፋብሪካ የሳፋሪኮም ሲም የገባበት ባለሁለት መስመር ራውተር አብዛኛውን አጭር መቋረጥ ይሸፍናል። የማይሸፍነው አገር አቀፍ መዘጋትን ነው። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። የወረቀት ጥራዝ ሦስት ሳምንት አያሻግርም።

ሰርቨር ግቢ ለማስገባት የሚፈለገው

የማሽኑ ዋጋ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ለ15 ተጠቃሚ ደህና ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንኳ ኢአርፒኔክስትን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ይሸከማል። ከባዱ ጥያቄ “ይህ ማሽን ዛሬ ቢቃጠል ማን፣ በስንት ሰዓት ይመልሰዋል?” የሚለው ነው። ለዚህ ስም ጠቅሶ መመለስ ያልቻለ ፋብሪካ፣ በእኔ ግምት፣ መስመሩ የፈለገውን ያህል ቢቆራረጥ ክላውድ ይሻለዋል።

መልስ ላለው ሁለት ነገር ይቀረዋል። ዩፒኤሱ ከሰርቨሩ ጋር በዩኤስቢ ተያይዞ ባትሪው ሊያልቅ ሲል በሥርዓት እንዲያጠፋው መደረግ አለበት፤ ርካሽ ኤስኤስዲ መብራት በድንገት ሲሄድ “ጽፌያለሁ” ያለውን ሳይጽፍ ይቀርና ዳታቤዙ ይበላሻል። ሁለተኛው ባክአፕ ነው፦ በየሰዓቱ ወደ ሌላ ዲስክ፣ ማታ ማታ ደግሞ ተመስጥሮ ከግቢ ውጭ። የተጨመቀው ዳታቤዝ 200 ሜጋባይት ቢሆን በ2 ሜጋቢት የመላኪያ ፍጥነት 14 ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስደው፤ ደካማ መስመርም ሌሊት ይችለዋል። ባለቤቱ ከውጭ ማየት ከፈለገ በቪፒኤን ይግባ፤ ሰርቨሩን በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት ለቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በር መክፈት ነው።

ለምሳሌው ፋብሪካ የምመርጠው

የአይቲ ሠራተኛ የለውም፣ በሰዓት ከአምስት ቫውቸር አያልፍም፣ ቀሪው መቋረጥም አጭር ነው። ክላውድ ይሁን እላለሁ፤ ግን በሁለቱም ቦታ የሚሠራ ሶፍትዌር። ክፍያው በዶላር ከሆነ ዋጋው በብር እንዲዋዋል ይሞከር፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚከፍል ሁሉ ወርኃዊ ሒሳቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲያብጥ አይቷል።

ከዚያ የየሌሊቱ ባክአፕ ፋብሪካው ውስጥ ወዳለ አንድ ማሽን ይውረድ፤ ማሽኑ ላይ ከክላውዱ ጋር አንድ ዓይነት ስሪት ይጫን። ሶፍትዌሩ ኢአርፒኔክስት ከሆነ፣ ረጅም መዘጋት ሲመጣ ተጠሪው ቴክኒሻን ይህን ትዕዛዝ ይሰጣል፦

```
bench --site erp.local restore backup.sql.gz
```

ከባክአፑ ጋር የ`site_config.json` ፋይልም መቀመጥ አለበት፤ በውስጡ ያለው `encryption_key` ከሌለ ሲስተሙ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች አይፈቱም። ይህ በየሦስት ወሩ አንዴ ይሞከር፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

አንድ አደጋ አለው። ግቢ ውስጥ በቅጂው መሥራት ሲጀመር ሌላ ቦታ ያለ ሰው ክላውዱ ላይ ከመዘገበ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ይፈጠራሉ፣ ሁለቱን የሚያዋሕድ ትዕዛዝ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሥራው ወደ ግቢ ሲዛወር የክላውዱ ተጠቃሚዎች ሁሉ እንዲታገዱ የሚያደርግ፣ ከአገር ውጭም ቢሆን መግባት የሚችል አንድ ሰው አስቀድሞ ይሰየም። መስመሩ ሲመለስ የግቢው ባክአፕ ወደ ክላውዱ ይጫናል፣ ቀሪው ከመጋዘኑ ቆጠራ ጋር ይመሳከራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ተጠቃሚዎቹ ይከፈትላቸዋል።