የደንበኞችን ቅሬታ አንብቦ የገበያ ክፍተት ሲፈለግ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ገበያ ላይ ያለ ዕቃ የገዙ ሰዎች የሚጽፉት ቅሬታ፣ ቀጥሎ ምን ቢሠራ ገዢ እንደሚያገኝ ይጠቁማል። አነባበቡ ከተሳሳተ ግን ማንም ያልፈለገውን ዕቃ አሠርቶ መጋዘን መሙላት ይመጣል። ስህተቶቹን በአንድ ዕቃ ላይ ብናያቸው ይቀላል፤ ትኩስ መጠጥ የሚያዝበትን የብረት ፔርሙዝ እንውሰድ። ፔርሙዝ ሁለት ግድግዳ አለው፤ በግድግዳዎቹ መካከል አየሩ ተመጥጦ ወጥቷል። አፉ ላይ በጥርስ የሚዞር፣ ለመቅዳት የሚጫን ቁልፍ ያለው ክዳን፣ ከክዳኑ ውስጥ ደግሞ ቀለበት የሚመስል የሲሊኮን ጎማ አለ። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ እያንዳንዱ ቅሬታ ከየትኛው እንደመጣ መከታተል ይቻላል።

ባለ አንድ ኮከቡን ብቻ ማንበብ

በኢንተርኔት መሸጫዎች ላይ ገዢዎች ለዕቃው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እየሰጡ አስተያየት ይጽፋሉ፤ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ባለ አንድ ኮከብ አስተያየቶች ይሄዳል። እዚያ የሚበዛው ግን የሻጩና የማጓጓዣው ጉዳይ ነው፦ ዘግይቶ ደረሰ፣ ተጣሞ መጣ፣ ያዘዝኩት ቀለም አይደለም። ይህ ስለ ዕቃው አሠራር ብዙም አይነግርም። ለሥራችን የሚጠቅሙት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ኮከቦቹ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ዕቃውን ተጠቅመውበታል፣ ብዙዎቹም አልጣሉትም፤ ስለዚህ የጎደለውን ለይተው ይናገራሉ። ባለ አራት ኮከቦቹን ደግሞ «ግን» የሚለውን ቃል እየፈለጉ ማንበብ ነው። «በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ጎማው ሽታ ይይዛል» የሚል ሰው ዕቃውን ወድዶ አንዲት ነገር ብቻ የጎደለችው ገዢ ነው።

ቅሬታውን በቃሉ መቁጠር

ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ ነው። አስተያየቶቹን ሰብስቦ «ያፈሳል» የሚለውን መቁጠርና «ስለዚህ የማያፈስ ፔርሙዝ ይሠራ» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገር ግን «ያፈሳል» ምልክት እንጂ ምክንያት አይደለም። ከአንድ ቃል ሥር ፈጽሞ የማይገናኙ ችግሮች ይደበቃሉ።

120 ሰዎች «ያፈሳል» ብለው ጽፈዋል እንበል። አንድ በአንድ ሲነበቡ 30ዎቹ ዕቃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፈሰሰ ይላሉ፤ ይህ የፋብሪካ ቁጥጥር ጉድለት ነው፣ የገበያ ክፍተት አይባልም። 20ዎቹ ከብዙ ወራት አገልግሎት በኋላ ጥቂት በጥቂት መንጠባጠብ ጀመረ ይላሉ፤ ጎማው አርጅቷል ማለት ነው። 15ቱ ቦርሳ ውስጥ ሲተኛ የክዳኑ ቁልፍ ተጭኖ ተከፈተ ይላሉ። 10ሩ ምንም ዝርዝር አልሰጡም። የቀሩት 45ቱ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር ይጽፋሉ፦ «ለሦስት ሳምንት ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ድንገት ማፍሰስ ጀመረ። አንዳንዴ ያፈሳል፣ አንዳንዴ አያፈስም።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያረጀ ጎማ ማፍሰስ የሚጀምረው በጠብታ ነው፣ እየዋለ እያደረም ይብሳል። ድንገት የሚጀምርና ደግሞ የሚተው ከሆነ ግን፣ ከታጠበ በኋላ ጎማው ተገልብጦ ወይም ተጣሞ ገብቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ገዢው «አገልብጬ አስገባሁት» ብሎ አይጽፍም፤ መገልበጡን አያውቅማ። ክፍተቱ ያለው እዚህ ነው፦ በአንድ ወገን ብቻ የሚገባ ጎማ፣ ወይም ከክዳኑ የተለየ ቀለም ያለውና አለመስተካከሉ ከሩቅ የሚታይ። ቃሉን ብቻ የቆጠረ ሰው ጎማውን አወፍሮ ክዳኑን ለማዞር አስቸጋሪ ያደርገዋል፤ የተገለበጠው ጎማ ግን ያው ማፍሰሱን ይቀጥላል።

ይህን ለመለየት ለእያንዳንዱ ቅሬታ በኤክሴል አንድ መስመር መስጠት ይበቃል። ዓምዶቹም፦ ቀኑ፣ የኮከቡ ብዛት፣ ከተገዛ ምን ያህል ጊዜ በኋላ፣ ከችግሩ በፊት ምን ሲደረግ ነበር፣ የትኛው ክፍል፣ የደንበኛው ቃል እንዳለ፣ ሰውየው ችግሩን ለመፍታት ምን አደረገ። የደንበኛውን ቃል ማሳጠር አይገባም። «አንዳንዴ» የምትለዋ ቃል ከተቆረጠች ምክንያቱም አብሮ ይጠፋል።

ደንበኛው ያቀረበውን መፍትሔ እንዳለ መቀበል

«አፉ ሰፋ ቢል» የሚል አስተያየት በብዛት ይገኛል። ሰውየው የቸገረው እጁ ስለማይገባ ታቹን ማጠብ አለመቻሉ ነው። ይሁንና ግድግዳዎቹ ሙቀትን በደንብ ስለሚይዙ፣ አብዛኛው ሙቀት የሚያመልጠው በአፉና በክዳኑ በኩል ነው። አፉን ማስፋት መጠጡ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል፤ የሚቀጥለው ቅሬታም እሱ ይሆናል። ከደንበኛው የሚወሰደው ችግሩ ነው፣ መፍትሔውን ማውጣት የሠሪው ሥራ ነው።

አንድ ዕቃ ብቻ ማንበብ፣ ቀኑንና መጠኑንም መዝለል

አንድ ችግር በአንድ አምራች ዕቃ ላይ ብቻ ከታየ የዚያ አምራች ጉድለት ነው፣ ነገም ሊያስተካክለው ይችላል። ዋጋቸውና አምራቻቸው የተለያየ አምስት ፔርሙዞች ላይ ሲደጋገም ግን ክፍተቱ የዘርፉ ነው። አምስቱን ስናነብ ከመካከላቸው በአንድ ወገን ብቻ የሚገባ ጎማ ያለው መኖሩንም እናያለን፤ ካለና «ድንገት ማፍሰስ ጀመረ» የሚለው ቅሬታ እሱ ላይ ካልታየ ግምታችን ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ ነገር ግን ቀድሞን የሠራው አለ። ስናነጻጽርም ድርሻውን ነው፦ ከ2000 አስተያየት 40 ቅሬታና ከ200 አስተያየት 40 ቅሬታ አንድ አይደሉም።

ቀኑም ወሳኝ ነው። አምራቹ ክዳኑን ቀይሮት ይሆናል፤ የቆየው ቅሬታ ግን እዚያው ተጽፎ ይኖራል። የመጨረሻዎቹን 12 ወራት ለብቻ መቁጠር ይህን ያሳያል። የትንሹና የትልቁ ፔርሙዝ አስተያየቶችም አንድ ላይ ተደባልቀው ይቀርባሉ። ትንሹ ከሚይዘው መጠጥ አንጻር ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ ስለሚበዛበት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ «ቶሎ ይቀዘቅዛል» የሚሉት ሁሉ የትንሹ ገዢዎች መሆን አለመሆናቸውን ሳያጣሩ ክፍተት አገኘሁ ማለት አይቻልም።

ያማረረ ሁሉ ይገዛል ብሎ ማሰብ

ማማረር ነጻ ነው። ጠንካራው ማስረጃ ሰውየው ችግሩን ለማለፍ ገንዘብ ወይም ድካም ማውጣቱ ነው፤ የመጨረሻው ዓምድ የተዘጋጀውም ለዚህ ነው። መለዋወጫ ጎማ የገዛ፣ ፔርሙዙን በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የሚያስገባ፣ የጎማውን ትክክለኛ ወገን በእስክሪብቶ ምልክት ያደረገ ሰው ለተሻለ ዕቃ ሊከፍል ይችላል። «ያናድዳል» ብሎ ያለፈው ግን በዚያው ፔርሙዝ ሊቀጥል ይችላል።

ዕቃ ከማሠራት በፊት አንድ ሙከራ ይቀራል። አሥር ሰዎች ገበያ ላይ ያለውን ፔርሙዝ ፈትተው፣ ጎማውን አውጥተው፣ አጥበው እንዲገጥሙት ማድረግ ነው፤ ምንም ሳይነግሯቸው። ከዚያ ውኃ ሞልቶ ደረቅ ወረቀት ላይ ለ30 ደቂቃ በጎኑ ማስተኛት። ያንኑ በአዲሱ ጎማ ናሙና መድገም ነው። በነባሩ ክዳን ወረቀቱ ያልረጠበበት ሰው ከበዛ፣ ወይም በአዲሱም እኩል ከረጠበ፣ የማፍሰሱ ምክንያት ሌላ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሠንጠረዡ ተመልሶ እነዚያን 45 መስመሮች እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል።